ሚስማር የወጋው እግር፦ መቆጣትንና ትኩሳትን ደረጃ በደረጃ ማንበብ

አንድ አናጺ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሳይት ውስጥ የወደቀ ጣውላ ረገጠ እንበል። ጣውላው ላይ የቀረ ሚስማር የስኒከሩን ሶል በስቶ ተረከዙ ውስጥ ገባ። ሚስማሩ ተነቀለ። ጥቂት ደም ፈሰሰና ቆመ። ከላይ የሚታየው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ምንም አይደል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን ሚስማር የወጋው ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነው። አፉ ቶሎ ይዘጋል፣ የገባው ቆሻሻ ደግሞ አየር በማይደርስበት ቦታ ይቀራል።

ይህን አናጺ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምረን እንከተለው። በየደረጃው ከቆዳው ሥር ምን እየተሠራ እንደሆነና ከላይ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይያዝልኝ። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም ብቻቸውን ክፉ ምልክት አይደሉም። የሚፈርደው አቅጣጫቸው ነው። እየጨመሩ ነው ወይስ እየቀነሱ? በስንተኛው ቀን?

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

ሚስማሩ ሲገባ የተቀደዱት የደም ሥሮች ወዲያው ይኮማተራሉ፤ ፕሌትሌቶች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ይጀመራል። የተቀደዱት ሕዋሳት ውስጣቸው የነበረውን ያፈሳሉ። ለምሳሌ ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ሞለኪውል ቦታው ሕዋሱ ውስጥ ነው። ውጭ በብዛት ሲፈስ ለሰውነት ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እዚህ የፈረሰ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማንቂያ የሚነሳው ከራሳችን ጉዳት ነው። ባክቴሪያ ባይኖርም ይነሳል። ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ቁስል እንኳ ቀልቶ የሚያብጠው ለዚህ ነው።

ከቆዳ ሥር የተቀመጡ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ። በአካባቢው ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራል። ደም ሲበዛ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል። ፈሳሹ ሲወጣ ያብጣል። ያ ፈሳሽ ዝም ብሎ ውኃ አይደለም። ባክቴሪያን የሚበሱና ለመበላት ምልክት የሚያደርጉባቸው ፕሮቲኖች፣ ከድሮ የተረፉ ፀረ እንግዳ አካላትም ካሉ እነሱን ይዞ ይመጣል። ብራዲኪኒንና ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ደግሞ የሕመም ነርቮችን ይበልጥ ንቁ ያደርጋሉ፤ ትንሽ ሲነኩት የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የእርስዎ ሥራ ማጠብ ነው። ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ይጠቡት። ከዚያ ሚስማሩን፣ ጫማውንና ካልሲውን ይመልከቱ። ሚስማሩ ሙሉ ነው ወይስ ጫፉ ተሰብሯል? ከሶሉ የተቆረሰ ጎማ አለ? ካልሲው የጎደለው ነገር አለ? ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሐኪሙ ግን ከምንም በላይ የሚጠቅመው መረጃ ይሄ ነው። ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ወይም ከተጠራጠሩ በመርፌ አይቆፍሩት። ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሚስማሩ ራሱ እንደተሰካ ካለና ጠልቆ ከገባ ደግሞ ሳይነቅሉት ይሂዱ።

ቡና አይነስንሱበት። የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈልቅቀውም ዱቄቱን አያድርጉበት። ሁለቱም አገራችን ውስጥ የተለመዱ ናቸው፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ሌላ ባዕድ ነገር ሆኖ ይቀመጣል፤ አፉን ደፍኖም ከሥር ያለውን ይሸፍናል። መድኃኒቱም ባክቴሪያው ካለበት ጥልቀት አይደርስም። አልኮል ቁስሉ ውስጥ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ ለመጠገን የሚመጡትን ሕዋሳት ጭምር ይገድላል።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ቀን

በሥጋው ውስጥ ከድሮም የሚኖሩ ማክሮፌጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ የባክቴሪያውን ማንነት ለይተው አያውቁም። የሚያውቁት ጥቂት የባክቴሪያ የጋራ መለያዎችን ነው፤ የግድግዳቸውን ቁራጭ፣ የጅራታቸውን ፕሮቲን። ያንን ሲነኩ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የሚባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ። መልእክቱ የደም ሥሩን ግድግዳ ተጣባቂ ያደርገዋል። በደም ውስጥ እየከነፉ የነበሩ ኒውትሮፊሎች፣ ማለትም ከነጭ የደም ሕዋሳት ብዙውን ቁጥር የያዙት፣ ግድግዳው ላይ እየተንከባለሉ ይቀንሳሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በግድግዳው መካከል ሾልከው ወደ ቁስሉ ይገባሉ። ይህ የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው። ቁጥራቸው ከፍ የሚለው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ መቅኒ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጉ ያመርታል። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ይህን በዓይኑ ካዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ኤሊ ሜችኒኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ጣሊያን መሲና ውስጥ፣ መስታወት በመሰለ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት ነበር። እጩ የደም ሥር እንኳ የለውም። እሾህም ሆነ ሚስማር ለሚወጋው ማንኛውም እንስሳ አብሮ የተወለደ መከላከያ እንዳለ ያሳየው ይህ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

በዚህ ቀን ከእርስዎ የሚጠበቀው መነሻውን መመዝገብ ነው። እስክሪብቶ ይውሰዱና የተቆጣውን ቦታ ዳር ተከትለው በቆዳው ላይ መስመር ያስምሩ። አጠገቡ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ በየቀኑም በዚያው ቦታና ብርሃን ይድገሙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የጤና መጻሕፍት «መቅላት» የሚሉት ነጭ ቆዳን ይዘው ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። የሚታየው ጠቆር ያለ፣ የተወጠረና የሚያብረቀርቅ ቆዳ ነው። ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። የእጅዎን ጀርባ ቁስሉ አካባቢ ያድርጉ፣ ከዚያ በሌላኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያድርጉ። የሙቀቱ ልዩነት የት ላይ እንደሚያልቅ ይሰማዎታል። መስመሩን እዚያ ያስምሩ። ጣትዎን ተጭነው ሲያነሱ ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ከሆነ እብጠቱ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው።

እግሩን ሲተኙም ሲቀመጡም በትራስ ከፍ ያድርጉት። ፈሳሹ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ውጥረቱ ሲቀንስም ሕመሙ ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

የእኛ አናጺ ረቡዕ ጠዋት ከማክሰኞ ይልቅ አሞት ተነሳ። እብጠቱ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል። ልቡ በመታ ቁጥር ተረከዙ ይጠዘጥዘዋል። ትኩሳት የለውም። ይህ አያስደነግጥም፤ ኒውትሮፊሎቹ የሚበዙበት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ መዞር አለበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አዳዲስ ማክሮፌጆች ከደም ይመጣሉ። የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ይበላሉ። በዚህ መብላት ራሳቸው ይለወጣሉ፤ የጠብ መልእክት መላክ ትተው ጠጋኝ ሕዋሳትን የሚጠራ መልእክት መላክ ይጀምራሉ። ስለዚህ መቆጣት ነዳጁ አልቆ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ሥራ ተሠርቶ የሚዘጋ ነው።

የማይዘጋበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ማክሮፌጁ ሊውጠው የማይችል ነገር መኖሩ ነው። የጎማ ቁራጭ፣ የካልሲ ክር፣ የእንጨት ስንጥር። እነዚህ ባዕድ ነገሮች ለባክቴሪያ መጠለያ ይሆናሉ፣ መልእክቱም አይቆምም።

ሐሙስ ማታ ላይ ሕመሙ ቀንሶ፣ እብጠቱ ወደ መስመሩ ውስጥ ተመልሶ ከሆነ ነገሩ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሁለተኛው የባሰ ከሆነ ወይም ቀንሶ የነበረው ሕመም ከተመለሰ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ትኩሳት እስኪመጣ አይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ትኩሳቱን መለካትና መረዳት

ቁስሉ አካባቢ የተለቀቁት ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ ሲበዙ ወደ ደም ይገባሉ። ጭንቅላት ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ክፍል ሃይፖታላመስ ይባላል። መልእክተኞቹ አጠገቡ ያሉትን የደም ሥሮች ሲደርሱ፣ የሥሮቹ ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ያመርታሉ። ይህ ፕሮስታግላንዲን የሃይፖታላመስን መነሻ ልክ ከፍ ያደርገዋል።

የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ቁልፍን ያስቡት። ቁልፉን ከ37 ወደ 39 ቢያዞሩት ውኃው ገና 37 ሆኖ ሳለ ማሽኑ «ቀዝቅዟል» ብሎ ይሠራል። ሰውነትም እንዲሁ ያደርጋል። ሙቀቱ 37 ቢሆንም ልኩ 39 ስለሆነ ብርድ ይሰማዋል። የቆዳ ደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻዎች ይንቀጠቀጣሉ። ያ ብርድ ብርድ ማለት ትኩሳቱ ከፍ እያለ መሆኑን ያሳያል። ልኩ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ሰውነት ይግላል፣ ልብስ ይጥላል፣ ያልበዋል። ላብ ትኩሳቱን አላባረረም፤ ልኩ ስለወረደ ነው ላቡ የመጣው። በብርድ ብርዱ ሰዓት ሰውን በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ጭኖ ማላብ በሽታውን አያወጣም። በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብም አይረዳም፤ ልኩ ገና ከፍ ያለ ስለሆነ መንቀጥቀጡን ያብሰዋል።

ትኩሳት ጥቅም አለው? በ1970ዎቹ ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ ይህን በበረሃ እንሽላሊቶች ላይ ፈተሹት። እንሽላሊት ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ከወትሮው የሞቀ ቦታ መረጡ። በሞቀ ቦታ የቆዩትም በቀዝቃዛ ቦታ ከተያዙት ይበልጥ ተረፉ። ትኩሳቱ ግን ዋጋ አለው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ልብም በደቂቃ 10 ገደማ ምት ትጨምራለች። ለወጣት አናጺ ይህ ቀላል ነው። የልብ ሕመም ላለበት ሽማግሌ ግን ሸክም ነው።

ሲለኩ ዲጂታል ቴርሞሜትሩን በደረቀ ብብት ውስጥ አድርገው፣ ክንዱን አጥብቀው፣ ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁ። ብብት ከውስጥ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ያሳያል። ስለዚህ 37.5 ካነበቡ ትኩሳት ሊሆን ይችላል ብለው ይጠርጥሩ፤ 38 ካነበቡ ትኩሳት ነው። መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ይለኩና ይጻፉ። ከወሰዱ በኋላ የሚያነቡት ቁጥር የመድኃኒቱን ሥራ እንጂ የቁስሉን ሁኔታ አይነግርዎትም።

ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ትኩሳትን የሚያወርዱት የፕሮስታግላንዲኑን ምርት በመቀነስ ነው። አንድም ባክቴሪያ አይገድሉም። ለአዋቂ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል። በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም መጠጥ ለሚያዘወትር መጠኑ ያንሳል። አይቡፕሮፌን እብጠቱንም ይቀንሳል፣ ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎት ይውሰዱ። ቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ለማስዋብ ብለው ግን አይውሰዱ።

ደረጃ 5፦ አርብ ማታ

አናጺው ሐሙስ ተሽሎት ነበር። አርብ ከሰዓት ተረከዙ እንደገና ጠዘጠዘው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለው፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ብብቱ 38.4 አሳየ። እብጠቱ ከመስመሩ አልፎ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶ ሲነኩት ያመዋል።

ቤተሰቡ «ታይፎይድ ይሆናል» አለ። ወባ ያለበት አካባቢ ቢሆን ኖሮ «ወባ ነው» ይባል ነበር። በእንዲህ ያለ አካባቢ የወባ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ትኩሳቱ፣ ከመስመሩ ያለፈው እብጠትና በዚያው እግር በኩል የወጣው ንፍፊት ሦስቱም አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። ትንሽ የሚስማር ቀዳዳ በራሱ ጉዳት ብቻ እንዲህ ያለ ትኩሳት አያመጣም። በአራተኛው ቀን የመጣ ትኩሳት ከታች ባክቴሪያ እየተራባ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ።

ሌሊቱን ሆስፒታል ሄደ። የደም ምርመራው ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ማለቱን፣ አብዛኛውም ኒውትሮፊል መሆኑን አሳየ። ሲአርፒም ከፍ ብሏል። ሲአርፒ ኢንተርሉኪን 6 ጉበትን ሲያዝዝ የሚመረት ፕሮቲን ነው። ከጉዳቱ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምራል፣ ወደ 48 ሰዓት ሲጠጋ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ንጹሕ ጉዳትም ስለሚያስነሳው በሁለተኛው ቀን ከፍ ቢል ብዙም አያስገርምም። መውረድ በነበረበት በአራተኛው ቀን ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው ትርጉም ያለው። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ሲያጥብ መግልና ሩብ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ የሶል ጎማ አወጣ። አንቲባዮቲክ ተጀመረ። እሑድ ጠዋት አንሶላው በላብ ረጥቦ ነቃ፤ ሙቀቱ 37 ነበር።

ንፍፊቱ የራሱ ታሪክ አለው። ቁስሉ ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሕዋሳት የባክቴሪያ ቁራጭ ይዘው በሊምፍ ሥር ወደ ብሽሽት ይጓዛሉ። እዚያ የሚጠብቁት ቲ እና ቢ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ያውቃሉ። የሚገጥመው ሲገኝ ይራባል፣ ይበዛል። ንፍፊቱ የሚያብጠው በዚህ ሥራ ነው። ለአዲስ ጠላት በቂ ፀረ እንግዳ አካል እስኪመረት ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይወስዳል። ቀድሞ የሚታወቅ ጠላት ከሆነ ግን ይህ በጥቂት ቀናት ያልቃል።

ከእግሩ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ካዩ፣ ሰውየው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ሲነሳ ከዞረበት እስኪነጋ አይጠብቁ። መቆጣቱ ከአንድ ቦታ ወጥቶ በመላ ሰውነት ላይ መነሳቱን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በጣም አቅመ ደካማ፣ ሕፃን ወይም ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ትኩሳት ላይኖርም ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ሚስማር ከወጋው በዚያው ቀን ይታይ።

ደረጃ 6፦ ቴታነስ (ይህ ግን የማክሰኞ ሥራ ነው)

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት የንፍፊቱ ነገር ስለሚያስፈልገው ነው እንጂ በዚያው ቀን መደረግ ያለበት ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይበቅላል። የሚገድለው መርዙ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። መርዙ እጅግ በጥቂቱ ስለሚገድል ሰውነትን ለማስተማር እንኳ አይበቃም፤ ከቴታነስ የዳነ ሰው እንኳ ከበሽታው አልተጠበቀም።

እንግዲህ ጊዜውን ያስሉ። ከዚህ በፊት ያልተከተበ ሰው ዛሬ ቢከተብ፣ የራሱ ፀረ እንግዳ አካል እስኪደርስ መርዙ ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል። አንዱ ክትባቱ ነው፤ ሰውነቱን ያስተምራል። ሌላው ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የተዘጋጀ ፀረ መርዝ ነው፤ ዛሬውኑ ይሠራል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ከሰውነት ይወጣል። ከፈረስ የተዘጋጀው አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል በፊት በትንሹ ተሞክሮ ይታያል። «ቲኤቲ ተወግቻለሁ» የሚል ሰው የወሰደው ይህንን የብድር መከላከያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተከትቤያለሁ ብሎ እንዳይዘናጋ።

ሦስቱን ክትባት የጨረሰ ሰው ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ከተወሰደ 5 ዓመት ካለፈ አንድ ማጠናከሪያ ይወስዳል፤ ለንጹሕና ትንሽ ቁስል 10 ዓመት ካለፈ። የኛ አናጺ ካርድ የለውም፣ መከተቡንም አያስታውስም፤ ስለዚህ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ሁለቱም ተሰጠው። ሁለተኛውን ክትባት ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያ 6 ወር ቆይቶ ይወስዳል።

አንድ የሚቀር ክትትል አለ። ሚስማር የስኒከር ሶል በስቶ ተረከዝ ሲወጋ፣ ጫማው ውስጥ የሚኖር ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አጥንት ድረስ ሊገባ ይችላል። ለቁስል በብዛት የሚታዘዙት እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ አንቲባዮቲኮች እሱን አይነኩትም። ይህ ትኩሳት ላያመጣ ይችላል። ቁስሉ ከላይ ድኖ ከሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ሲረግጡ ተረከዙ እንደገና ካመመ ይመለሱና ሚስማሩ በጫማ ላይ እንደወጋዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 14 ቀናት ራጅ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ ንጹሕ ራጅ ብቻውን አያሳርፍም። ሕመሙ ከቀጠለ ራጁ ይደገማል ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።